«ሐሰት» እና «አልተገለጸም»

ከልጅነታችን ጀምሮ በትምህርት ቤት የለመድነው ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ያለው ነው፤ ይኸውም እውነት ወይም ሐሰት። እውነት ያልሆነው ሁሉ ሐሰት ይባላል። አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና የንባብ ክፍል ግን «አልተገለጸም» የሚል ሦስተኛ መልስ አለ። በውጭ አገር ለመማር አስበን ለዚህ ፈተና የምንዘጋጅ ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የምንከራከረው በእርሱ ነው። አንድ ጓደኛዬ፣ «በምንባቡ ካልተገኘማ ሐሰት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ይለኛል። እኔ ግን ዝም ያለ ምስክር ክዷል አይባልም እላለሁ። ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ።

ምንባቡ እንዲህ ይላል እንበል፦ «አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም የማራቶንን ውድድር ባዶ እግሩን ሮጦ አሸነፈ። ውድድሩም የተፈጸመው ከመሸ በኋላ ነው። በ1964 በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ዳግመኛም አሸነፈ።»

አንደኛው ጥያቄ «የሮም ውድድር ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ» ይላል። በምንባቡ «ፀሐይ» የሚል ቃል ስለሌለ ብዙዎች «አልተገለጸም» ይላሉ። ነገር ግን ከመሸ በኋላ ያለቀ ውድድር ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያልቅ አይችልም። ስለዚህ መልሱ ሐሰት ነው።

ሁለተኛው «በቶኪዮ ጫማ ያደረገው መንገዱ ሻካራ ስለ ነበረ ነው» ይላል። ጫማው ተነግሯል፤ ምክንያቱ ግን አልተነገረም። ስለዚህ አልተገለጸም።

ሦስተኛው «በቶኪዮ የሮጠው ከሮም ይልቅ ፈጥኖ ነው» ይላል። አበበ በሮም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በቶኪዮ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደ ሮጠ የሚያውቅ ሰው «እውነት» ለማለት ይቸኩላል። ሆኖም ምንባቡ ስለ ሰዓቱ አንዳች አልተናገረም፤ ፈታኙም የሚጠይቀን ምንባቡ ያለውን እንጂ እኛ የምናውቀውን አይደለም። ይህም አልተገለጸም።

እንግዲህ መለያው ይህ ነው። የጥያቄውን ቃል ለጊዜው እውነት ነው ብለን ከምንባቡ ዓረፍተ ነገር ጎን እናቁመው። አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ ከሆነ ሐሰት ነው። ምንባቡ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ከተናገረ እውነት ነው። ሳይፋረሱ አብረው መቆም ከቻሉና ምንባቡም ነገሩን ካላረጋገጠ አልተገለጸም። «ሁሉ»፣ «ብቻ»፣ «ዘወትር» የሚሉት ቃላት መልሱን ሊለውጡት ስለሚችሉ በጥንቃቄ ይነበቡ።

በዚህ የጥያቄ ዓይነት ጥያቄዎቹ የምንባቡን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። ስለዚህ የ3ኛውና የ5ኛው መልስ የተገኙበት ስፍራ ከታወቀ፣ 4ኛውን መፈለግ ያለብን በሁለቱ መካከል ነው። በዚያ ደግመን አንብበን የሚደግፍም የሚያፈርስም ካጣን «አልተገለጸም» ብለን ወደሚቀጥለው እንለፍ።