የበግ ሚዛን

ሐምሌ 14፣ መሐል ሜዳ
ጉም። እስከ ቀትር አልገለጠም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለቀ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «ምን ልትማሪ ነው?» ይላል። ደብተሬ ላይ ሦስት ጻፍኩ፤ የእንስሳት ሕክምና፣ ፋርማሲ፣ አካውንቲንግ። ሦስቱንም የማውቃቸው በስም ነው። ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ቀን ልስጥ። ከመሄዴ በፊት የምጠብቀውን እጽፋለሁ፣ ስመለስ ያየሁትን ከጎኑ። አለዚያ ኋላ «ድሮም አውቀው ነበር» ማለቴ አይቀርም።

ሐምሌ 21
እንስሳት ክሊኒክ፣ ሦስተኛ ቀኔ። የጠበቅሁት፦ ደም ያስፈራኛል። ያየሁት፦ አላስፈራኝም። የከበደኝ ተመሳሳይ ሥራ መደጋገሙ ነው። በግ መያዝ፣ አፍ መክፈት፣ የጉበት ትል መድኃኒት ማጠጣት፣ ቀጣዩን መያዝ። ስምንተኛው ላይ ልቤ ቤት ገባ።
አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም። መድኃኒቱ የሚሰጠው በክብደት ነው፤ ክብደቱ የሚገመተው በዓይን። ካነሰ ትሉ አይሞትም፣ እያደር መድኃኒቱን ይለምደዋል። «ለምን አንመዝንም?» አልኩ። «ይህን ሁሉ በግ?» አሉኝ።

ሐምሌ 30
አክስቴ ዘንድ። ብርዱ አጥንት ይገባል። የመንደሩ ሰዎች በግ በማኅበር ነው የሚያራቡት፤ መንዝ ላይ ይህ በ2001 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር የተጀመረ ነው። አክስቴ ምክንያቱን እንዲህ አለችኝ፦ ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ቶሎ ገበያ ይሄዳል፣ የቀረው ቀሰስተኛው ነው፣ የሚያስረግዘውም እሱ። ዓመት በዓመት የመንጋው ቁመና ያንሳል። አሁን ግልገል ሲወለድ ይመዘናል፣ በሦስት ወር፣ በስድስት ወር፤ የተሻለው ለአውራነት ይቀራል።
የማኅበሩ መዝጋቢ አብሬው እንድሠራ ፈቀደ። ሚዛኑ ከበረቱ ወራጅ ላይ ይንጠለጠላል፣ ግልገሉ በማዳበሪያ ጆንያ ይታቀፋል። ጠዋት ነው፣ ሳይሰማሩ፤ ከጋጡ ሆዳቸው ይመዘናል። ፀጉራቸው ርጥብ ከሆነ ደግሞ ውኃ መመዘን ነው።

ነሐሴ 4
ፍልሰታ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማታ በፋኖስ ሁለት ጠቦት አወዳደርኩ።
አንዱ ሲወለድ 2.4 ኪሎ፣ በ165 ቀኑ 14.2። ሌላው ሲወለድ 2.6፣ በ192 ቀኑ 15.1። በዓይን ሁለተኛው ይበልጣል፤ ባለቤቱም እሱን ነው የሚያሞግሱት። ግን 27 ቀን ይበልጠዋል። የጨመሩትን ለቀናቸው ባካፍለው አንደኛው በቀን ወደ 72 ግራም፣ ሁለተኛው 65። ሁለቱንም 180 ቀን ላይ ባቆማቸው 15.3 እና 14.3። ትንሹ በለጠ!
ደግሜ አካፈልኩ፤ ያው ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነሐሴ 5
መዝጋቢው «መንታ መሆኑን አይተሻል?» አለኝ። አላየሁም። መንታ ወተት ተካፍሎ ነው የሚያድግ፣ እንዲሁ ከነጠላ ጋር አይወዳደርም። ሁለቱም ነጠላ ናቸው። ተረፍኩ። ቢሆንም ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም፤ አርቢዎቹ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ ላቱን አይተው ነው የሚመርጡ።

ነሐሴ 12
ስህተት፣ የኔው። ከሦስት ወሩ ያነሰ ክብደት የጻፍኩለት ጠቦት ተገኘ። ታሞ እንደሆነ ብለው በረት ወረዱ፤ ደህና ነው፣ ይዘልላል። የጆሮ ቁጥሩን 6 ብዬ ያነበብኩት 9 ነበር፣ ምልክቱ ተገልብጦ። አንገቴን ደፋሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ጽፎ መልሶ ይጠራል።
እየወደድኩት ነው ወይስ አዲስ ስለሆነብኝ? አላውቅም። በአምስተኛው ጠዋት፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ አርባኛውን ግልገል ስመዝን ግን ሰዓት አላየሁም። ክሊኒክ ስምንተኛው ላይ ነበር የደከመኝ።

ነሐሴ 19
ምርምር ላይ የሚሠራ የአክስቴ ዘመድ ስልክ ላይ ተገኘ። ሥራው ጥሩ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ አልኩት። «ኤክሴል» አለ። የጎደለ መዝገብ ሲያጠራ፣ ሪፖርት ሲጽፍ። በግ ካየ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የተማረውም እንስሳት ሕክምና ሳይሆን እንስሳት ሳይንስ ነው። እኔ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ብዙ ተማሪ የሚቸገርበት? «ስታቲስቲክስ።»
እንግዲያው ቀጣዩ ሙከራ እሱ ነው። የጎረቤት ልጅ የአንደኛ ዓመት ሃንዳውቷን አዋሰችኝ። ሦስት ማታ።

ነሐሴ 23
መጀመሪያው ማታ ገባኝ። ሁለተኛው አልገባኝም። ሦስተኛው መብራት ጠፋ፤ በፋኖስ የጠቦቶቹን ቁጥር በምሳሌው ቦታ ተክቼ ሠራሁት፣ ግማሹ ወጣልኝ።
ፋርማሲ ገና አልሄድኩም። አባቴ የሚመኝልኝ እሱን ነው፣ «ለበግ ዲግሪ?» ይላል። ሳልሞክር ልተወው አልፈልግም። ውጤቴ 300 ካልሞላም ወሬው ሌላ ነው። ከሞላ አንደኛው ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፣ ዲፓርትመንት ከዚያ በኋላ፣ እሱም በነጥብ።
ነገ ሚዛን አለ። አሁንም ይዘንባል። ፀጉራቸው ካልደረቀ ለከነገ ወዲያ ይገፋል።