የጦስኝ ሻይ በሲልቨር ስፕሪንግ

እናቴ ሜሪላንድ ከመጣች ጀምሮ ያገኛት ሁሉ «ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?» ይላታል። የመንዝ ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ አይለውም። መሐል ሜዳ ላይ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ፣ ባና ደርባ ያደገች ሴት ናት። በረዶውን ንቃዋለች። እምቢ ያላት ጦስኙ ነው።

መጀመሪያ ከሱፐርማርኬት ታይም ገዛሁላት። በመዳፏ አሽታ አሸተተችውና «ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን አይደለም» አለች። ልክ ናት፤ የፈረንጁ ታይምና የእኛ ጦስኝ የአንድ ወገን ሁለት ዝርያዎች ናቸው። የእኛው በደጋው ሜዳ መሬት ለመሬት ተስቦ፣ ዝናቡ ሲያባራ ወይን ጠጅ የመሰለ ትንንሽ አበባ የሚያወጣው ነው። ቆይቶ አክስቴ ጥላ ውስጥ ያደረቀችውን በሰው ላከችልን። እማማም (ልጄ አያቷን የምትጠራት እንዲህ ነው) የልጅ ልጇን ማጀት አስገብታ ማስተማር ጀመረች።

ልጄ እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሳትለካ ነገር አትጀምርም። «ስንት ማንኪያ እማማ?» ስትላት «ቆንጠር አድርጊ» ትላታለች። «ስንት ደቂቃ?» ስትል ደግሞ «ሲበቃው ታውቂዋለሽ፣ የኔ እናት።» ስለዚህ እማማ በጣቶቿ ቆንጥራ ስታነሳ ልጄ ከሥር ማንኪያ ደቀነች። ለግማሽ ሊትር ውሃ አንድ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ ሆነ።

ልኩ ተገኘ፤ ጣዕሙ ግን ጠፋ። እማማ አገር ቤት እንደምታደርገው ጦስኙን ከሚፈላ ውሃ ላይ ጣለችው፤ እንደ ልማዷም ሲንተከተክ ተወችው። የወጣው ሻይ የጠቆረ፣ ምላስ የሚይዝ መራራ ነበር። ጥፋቱን መጀመሪያ በአክስቴ ላይ ጣለችው፤ «የአምናውን ነው የላከችልኝ» አለች። ከዚያ በድስቱ ላይ፣ ከዚያ በቧንቧው ውሃ ላይ። በመጨረሻ «የናንተ አገር ውሃ ቁጡ ነው» አለችና ተቀመጠች።

ልጄ ነገሩን የያዘችው እዚህ ላይ ነበር። የሥጋ መጥበሻ ቴርሞሜትር አምጥታ ከውሃው ውስጥ ነከረችው፤ 100 ዲግሪ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ስልኳን ከፍታ የመሐል ሜዳን ከፍታ ፈለገችና አሰላችው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ በላዩ የሚጫነው እየቀነሰ ስለሚሄድ ውሃ ቶሎ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። መንዝ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ምድጃው ላይ ማገዶ ቢከመርም ከዚያ አያልፍም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጦስኝ ስታፈላ በ90 ዲግሪ ነው ያፈላችው። እዚህ አሥር ዲግሪ ያህል ተጨምሮባታል፤ መራራውን ከቅጠሉ ቶሎ የሚያወጣው እሱ ነው።

«እንግዲያ ምን ይሻላል?» አለች እማማ፤ የተረታች አትመስልም፣ የታወቀላት ይመስላል።

መላው ቀላል ሆነ። ውሃው ይፈላል፣ ከእሳት ይወርዳል፣ መንተክተኩን እስኪተው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ጦስኙ የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ተከድኖ ይቀመጣል። ጥሩ የወጣው ቀለሙ ማር ይመስላል፤ ወደ ቡናማ ከጠቆረ አልፏል ማለት ነው፣ ስኳርም አያድነውም።

ክዳኑን ግን ያስተማረቻት እማማ ናት። ልጄ እንፋሎቱን እየሳበች «ቤቱ እንዴት ደስ የሚል ሸተተ!» ስትል እናቴ ከኋላዋ ደርሳ ድስቱን ከደነችው። «ሽታው ቤቱን ከሞላው ስኒው ምን ቀረለት?» አለቻት። የጦስኝ ጣዕም ያለው በዘይቱ ውስጥ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ከእንፋሎት ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሲበቃው ክዳኑ ይገለበጥና የተንጠለጠለው ጠብታ ተመልሶ ወደ ድስቱ ይራገፋል። ይህን ቴርሞሜትር አልነገረንም።

በመካከሉ አንድ ነገር ልበል፤ ጦስኝ ለደም ግፊት ነው የሚል ዘመድ በየስልኩ አለ። እናቴ ክኒኗን ትውጣለች፣ ጦስኟን ስለምትወደው ትጠጣለች።

የተስተካከለውን የቀመሰች ዕለት ዝም ብላ ግማሹን ጠጣች። «ጦስኙ መጥቷል» አለች፤ ቀጥላም «ጭሱ ግን የለም።» መንዝ ላይ እንጨት ብርቅ ነው፣ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው፣ የኩበት ጭስ ደግሞ ድስቱንም ነጠላውንም ይይዛል። ልጄ ጭስ የሚጨምር ቅመም መደብር እንዳለ ልትነግራት ጀምራ ነበር።

«ተይው» አለቻት። «እሱን እዚያው ሄደሽ ትጠጪዋለሽ። አክስትሽ ታፈላልሻለች፤ እሷ ግን ስኳር ታበዛለች፣ ካሁኑ ንገሪያት።»