«በ24 ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን» ማለት በማን ሰዓት ነው?

አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪና ሲያትል ያለ ገዢ ሲዋዋሉ ዋጋውን፣ ደረጃውን፣ የሚጫንበትን ወር በዝርዝር ይጽፋሉ። አንዱ ለሌላው መልእክት በምን ያህል ጊዜ መልስ እንደሚሰጥ ግን አይጽፉም። ቢበዛ «በ24 ሰዓት ውስጥ እንመልሳለን» ይባባላሉ። የብዙ ቅሬታ መነሻ ይህችው አጭር ዓረፍተ ነገር ናት።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ሰዓቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። በጥር ወር ሲያትል ከአዲስ አበባ 11 ሰዓት ወደኋላ ናት። ገዢው አርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከቢሮው ሊወጣ ሲል ስለ ናሙናው እርጥበት ይጠይቃል። በዚያች ደቂቃ አዲስ አበባ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ላኪው ሰኞ ጠዋት 2፡30 ቢሮ እንደገባ ይመልሳል፤ ሲያትል ግን ገና እሑድ ምሽት ነው። ገዢው መልሱን ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያነባል። ያኔ አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሆኗል፤ ቢሮው ተዘግቷል። ሁለተኛ ጥያቄ ካለው መልሱን የሚያገኘው ማክሰኞ ነው።

ማንም አልሰነፈም። ላኪው በመጀመሪያዋ የሥራ ደቂቃ መልሷል። በተስፋው መሠረት ግን ከ52 ሰዓት በላይ አሳልፏል፤ ቃሉን አፍርሷል። ናሙናው ካልጸደቀ ደግሞ ኮንቴይነሩ አይጫንም፣ መርከቧም አትጠብቅም።

ስለዚህ የሚሻለው ሰዓት መቁጠር ሳይሆን የተቀባዩን ጠዋት መጥቀስ ነው፦ «ከሰኞ እስከ ሐሙስ በሲያትል የሥራ ሰዓት የላካችሁት ጥያቄ መልስ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ይጠብቃችኋል። የአርቡ መልስ ሰኞ ጠዋት ይደርሳል።» ይህን ቃል ላኪው ያለ ሌሊት ሥራ ሊጠብቀው ይችላል። ገዢውም በቀን አንድ ዙር ብቻ እንዳለ ስለሚያውቅ ጥያቄዎቹን አጠራቅሞ በአንድ መልእክት ይልካል። የላቦራቶሪ ውጤት የሚጠብቅ ጥያቄ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት የሚላከው ውጤቱ የሚደርስበት ቀን ነው። እሱም መልስ ነው።

በዓል ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። የ2018 ዓ.ም. ገና ረቡዕ ጃንዋሪ 7 ቀን 2026 ዋለ። ብዙ ቢሮ በዋዜማው እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ «ለገና በዓል ዝግ ነን፤ ከበዓሉ በኋላ እንመለሳለን።» አሜሪካዊው የራሱን ገና ካከበረ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ምን ይረዳ? ቀኑ በቁጥር ብቻ 7/1 ተብሎ ከተጻፈም አሜሪካዊ ጁላይ 1 ብሎ ያነበዋል። «3 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» ከተባለ ደግሞ የጠዋቱን 3 ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ረቡዕ ስትዘጋ ገዢው የሚያጣው ማክሰኞን ነው። ማክሰኞ በሥራ ሰዓቱ የላከው ጥያቄ አዲስ አበባ የሚደርሰው ማክሰኞ ምሽትና ረቡዕ ሌሊት ነው። የሚመለሰው ሐሙስ ነው፤ ገዢውም ሐሙስ ጠዋት ያገኘዋል። የረቡዕ ጥያቄው ግን እንደወትሮው በማግስቱ ይመለሳል። «ረቡዕ ዝግ ነን» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ቢሆንም ገዢውን ያሳስተዋል።

ትክክለኛው ማስታወቂያ እንዲህ ይላል፦ «ረቡዕ ጃንዋሪ 7 የኢትዮጵያ ገና ስለሆነ ቢሯችን ዝግ ነው። እስከ ሰኞ ጃንዋሪ 5 ማታ በሲያትል ሰዓት የላካችሁት ማክሰኞ ጠዋት ይመለሳል። ማክሰኞ የምትልኩት ሐሙስ ጃንዋሪ 8 ጠዋት ይመለሳል። መርከብ የሚያስቀር ጉዳይ ካለ በዚህ ስልክ ደውሉ፤ የሚያነሳው ሰው የጭነት ቀን መቀየር ይችላል፣ ዋጋ ላይ ግን አይወስንም።» ይህ ከሳምንት በፊት ተልኮ በዋዜማው ይደገማል። በዋዜማው ብቻ ከተላከ የሰኞው ዕድል አልፏል።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በብዛት የምትቀረው ናት። «ለአስቸኳይ ጉዳይ እገሌን አግኙ» ይባላል፤ እገሌ ግን «አለቃዬ ሲመለስ» ከማለት በቀር ሥልጣን የለውም። እንዲህ ከሆነ ስልኩን አለመስጠት ይሻላል፤ ገዢው ቢያንስ መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ መታወስ አለበት። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን ወደፊት ትገፋለች፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትመልሳለች። አዲስ አበባ አትነካውም። ልዩነቱ ከ11 ወደ 10 ይወርዳል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት የነበረው የስልክ ቀጠሮ 12 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ቀጠሮው በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደተያዘ በጽሑፍ ይቀመጥ። አለዚያ አንዱ ደውሎ ሌላው ገና አልጋ ላይ ይሆናል፤ ሁለቱም ደግሞ «ቀጠሮ አክብሬያለሁ» ይላሉ።