የዓርብ ጠዋቷ መልእክት

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሪያድ የነበረ ኢትዮጵያዊ ያን ጊዜ በቀላሉ አይዘነጋውም። ሕጋዊ ሰነድ ለሌላቸው የውጭ ሀገር ሠራተኞች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን አብቅቶ ፍተሻው ተጀመረ። በከተማዋ ደቡብ በሚገኘው በመንፉሓ ሁከት ተነሣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንም እጃቸውን ሰጡ። በተከታዮቹ ወራት ከሳዑዲ ዓረቢያ ወደ ሀገራቸው የተመለሱት ከ160 ሺህ ይበልጣሉ።

እኔ በዚያ ሰሞን ለተመላሾች ልብስና ብርድ ልብስ የሚያሰባስቡ 14 በጎ ፈቃደኞችን አስተባብር ነበር። አንድ ረቡዕ ማታ፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር፣ ለሁሉም እንዲህ ብዬ በስልክ ጻፍሁ፦ «ዓርብ 2 ሰዓት ሁላችሁም ትገኛላችሁ። የሚቀር ሰው ምክንያቱን በሁሉም ፊት ያስረዳል። ካላስረዳ ስሙ ይሰረዛል።»

የመጡት አምስት ናቸው። አንድ ሾፌር ደግሞ መኪናው ከሄደ በኋላ ከቀትር በላይ ደረሰ፤ 2 ሰዓት ያልሁትን በሀገሩ አቆጣጠር ተረድቶት ኖሯል። አፍሬ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሌላው ጫፍ ሄድሁ፦ «ከተመቻችሁ ዓርብ ብቅ ብትሉ ደስ ይለናል።» አሥራ አንዱ «እሺ» አሉኝ፤ የመጡት አራት ናቸው። የእኛ «እሺ» ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ» ማለት እንጂ «እመጣለሁ» ማለት አይደለም።

በመካከላችን እትዬ የምንላቸው፣ በሰው ቤት ሃያ ዓመት ያገለገሉ እናት ነበሩ። ሁለቱንም መልእክት አስነበብኋቸው። «ልጄ፣ እነዚህ ልጆች ከማዳም ትእዛዝ ሲቀበሉ ይውላሉ» አሉኝ። «ማታ ስልካቸውን ሲከፍቱ ሌላ ማዳም ሆነህ ጠበቅሃቸው። በሁለተኛው ደግሞ ሥራው የሚያስቸኩል እንዳልሆነ ነገርሃቸው።» ከዚያ አብረን ተቀምጠን ጻፍነው፦

«ውድ እኅቶችና ወንድሞች፤ ባለፈው የደከማችሁበት ልብስ ለባለቤቶቹ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ያክብርልን። አሁንም የሚለይና የሚታሰር 40 ከረጢት አለ። ዓርብ ጠዋት በእኛ 2 ሰዓት፣ በሀገሩ 8 ሰዓት፣ በተለመደው ቤት እንድትገኙልን እንጠይቃለን። መኪናው በእኛ 4 ሰዓት ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የታሰረ ሁሉ ለሳምንት ይቆያልና ሰዓቱን አደራ። መምጣት የማይችል ሐሙስ ማታ በእኛ እስከ 3 ሰዓት ይደውልልኝ፤ ምክንያት መናገር አያስፈልግም። እቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራም አለ።»

«ትገኛላችሁ» የነበረው «እንድትገኙልን» ሆነ። እዚያ ውስጥ ያለችው ትንሽዋ «ልን» ሥራውን ለእኛ የሚደረግ ውለታ ታደርገዋለች፤ ውለታን ደግሞ ሰው መከልከል ይከብደዋል። ጽናቱን የተሸከመው መኪናው ነው። «ስሙ ይሰረዛል» የእኔ ቁጣ ነበር፤ ሰው ሊከራከረው፣ ሊቀየምበትም ይችላል። መኪናው 4 ሰዓት መነሣቱን ግን ማንም አይቀየመውም። ስለ «አደራ» እትዬ ጥብቅ ነበሩ። እኔ ሦስት ቦታ ጽፌያት ነበር፤ ሁለቱን አስጠፉኝ። «ደጋግመህ ካልኸው ልመና ይሆናል፤ የምትፈራው ስለ ሰዓቱ ከሆነ እዚያ ብቻ አኑረው» አሉ። «ከተመቻችሁ» የሚለውንም አወጡት። የማይመቸው ሰው ሊያደርግ የሚገባው ተጽፎለታል፤ መደወል ነው፤ የሚደውልበትም ሰዓት ተቆርጧል።

ከረጢት በምንጭንበት ሰዓት ግን «ያዝ! ልቀቅ!» መባባላችንን አልተውንም። ፊት ለፊት ሲሆን ድምፅና ፈገግታ ቃሉን ያለሰልሱታል፤ በስልክ የተጻፈው ቃል ብቻውን ነው የሚደርሰው።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ስለ ምክንያት ያለውን መስመር መቀበል ነበር። ሰበብ የሚያበዛ ይመስለኝ ነበርና «ምክንያቱን ለእኔ ብቻ ይንገረኝ ብንልስ?» ብዬ ተከራከርሁ። እትዬ ራሳቸውን ነቅንቀው «በዚህ ወቅት ሰው ከቤቱ የማይወጣው ለምን እንደሆነ አንተ ታጣዋለህ?» ብቻ አሉኝ።

በዚያ ዓርብ ዘጠኝ ሰዎች በሰዓቱ መጡ፤ መኪናውም ሙሉ ሆኖ ተነሣ። ሦስቱ ሐሙስ ማታ ደውለው ነበርና የሚታጠብ ልብስ እቤታቸው ድረስ ላክንላቸው። ድምፃቸው ለጠፋው ለሁለቱ እኔው ራሴ ደወልሁ፤ አንደኛው በፊተኛው መልእክቴ ተቀይሞ እንደ ቀረ ነገረኝ፤ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ልብስ ካጠቡት ከሦስቱ አንዷ ኢቃማ እንዳልነበራት፣ መንገድ ላይ ብትወጣ ትያዝ እንደነበር ያወቅሁት ከወራት በኋላ፣ አዲስ አበባ ገብታ ስትደውልልኝ ነው። በመጀመሪያው መልእክቴ ይህንኑ በሁሉም ፊት እንድታስረዳ አዝዣት ነበር።