«ጠንከር አድርገሽ በይው» አትበሏት

ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪዋ የወንድሜ ሚስት ከቨርጂኒያ ደውላ «አባባ መቱ» አለችን። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር ቤተሰቡ በሙሉ ሰማ። እህቴ «ማንን መቱ?» ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካ አባባ ዛሬ እነሱ ዘንድ ገብተው «መጡ» ለማለት ነው። ከዚያ እንደ ልማዳችን ሁሉም አስተማሪ ሆነ፤ «ጠንከር አድርገሽ በይው እንጂ!» ልጅቷ ጠንከር አደረገችው። ይበልጥ «መቱ» ሆነ።

ይህ ምክር ስህተት ነው፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። «ት» ስንል አየሩ ከሳንባ ይመጣል፤ ምላስ ከላይኛው ጥርስ ኋላ ይይዘውና ሲለቀው ትንፋሽ ይወጣል። «ጥ» ስንል ግን የምንዘጋው ሁለት በር ነው። ከላይ ምላስ ይዘጋል፣ ከታች ደግሞ የድምፅ አውታሮች ገጥመው ጉሮሮን ይዘጋሉ። በሁለቱ መካከል ትንሽ አየር ታስሮ ይቀራል፣ ሳንባ ከጨዋታው ውጭ ነው። ከዚያ ማንቁርት ወደ ላይ ይነሳና የታሰረውን አየር እንደ ብስክሌት መንፊያ ይጨምቀዋል። ምላስ ሲለቅ ጠብ ይላል። ጉሮሮ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፣ አናባቢውም ያኔ ይመጣል። ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰም መንገዳቸው ይኸው ነው። የቋንቋ ሰዎች ኢጄክቲቭ ይሏቸዋል።

አሁኑኑ ሞክሩት። ትንፋሻችሁን ያዙና «ቅ፣ ቅ፣ ቅ» በሉ። ይወጣል። ትንፋሻችሁን እንደያዛችሁ «ክ» በሉ። እምቢ ይላል። ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ «ቅ» ብትሉ ደግሞ ከፍ ሲል ይሰማችኋል። እንግዲህ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ «ጠንከር አድርጊ» ስንላት የምታደርገው ሳንባዋን የበለጠ መግፋት ነው። የምንፈልገው ግን ሳንባዋን እንድታቆም ነበር።

መስማቱስ? ጆሮዋ ደህና ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ በቃል መጀመሪያ ያለው «ት» ትንፋሽ አለው፣ ከ«ስ» ቀጥሎ ሲመጣ ትንፋሽ የለውም፤ ለተናጋሪው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ልዩነት ማለፍ ለምዷል። የእኛን «ጠ» ሲሰማም እዚያው «ት» ውስጥ ይከተዋል። ዌርከርና ቲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በካናዳ የሚነገር የአንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋ ውስጥ ያሉትን ሁለት ኢጄክቲቮች ለእንግሊዝኛ ቤት ሕፃናት አሰምተው ነበር። ሁለቱም «ቅ»ን ይመስላሉ፣ አንዱ ግን ወደ ጉሮሮ ጠለቅ ብሎ ይወጣል። ከስድስት እስከ ስምንት ወር የሆናቸው ሕፃናት ለዩት። ወደ ዓመት የተጠጉት ግን አብዛኞቹ አልለዩትም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ውጭ የተወለዱ ልጆቻችን ከአያታቸው ጋር በላቲን ፊደል ነው የሚጻጻፉት። «ትል» እና «ጥል» እዚያ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ቀና ከም ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ይታፈናሉ። ለጆሮ ያልተገለጠለትን ልዩነት ዓይን ሊያሳየው ሲችል፣ ያንንም እኛው ነጠቅነው። ፊደላችን እኮ ድል፣ ትል፣ ጥል ብሎ ሦስቱን ለይቶ አስቀምጦልናል! እስራኤል የሚያድጉትም ችግሩ አለባቸው፤ በዛሬው ዕብራይስጥ ቴትና ታቭ በአንድ «ት» ይነበባሉ። የገልፉ ደግሞ ሌላ ነው። ዐረብኛ ተናጋሪ «ጠ»ን በራሱ «ጣ» ይሰማዋል፣ ሲናገረውም ምላሱን ወደ ኋላ ስለሚስብ አናባቢው ይጨልማል። ለይቶታል፣ አወጣጡ ግን ሌላ ነው። እባካችሁ ለልጆቹ በግዕዝ ፊደል ጻፉላቸው። ስልካቸው ላይ ኪቦርዱን መጫን ደቂቃም አይፈጅም።

ወደ ወንድሜ ሚስት ልመለስ። ሳቁ ሲበርድ ስልኩን ከስፒከር አውጥቼ ብቻችንን ሆንን። «ትንፋሽሽን ያዢና ‹ቅ› በይ» አልኳት። ወጣላት። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንዳንዶቹ በ«ክ» የሚያልቅ ቃል ዓረፍተ ነገር መዝጊያ ላይ ሲመጣ ሳያውቁት እንዲህ ነው የሚሉት፣ ለአፍ አዲስ አይደለም። ከዚያ «ጥ» ወጣላት። ከአናባቢው ጋር ስታገናኘው «መጥ... ኡ» ብላ ቆረጠችው። ይሁን፣ ክፍተቱ እውነተኛ ነው፤ በ«ጡ»ም ውስጥ ጉሮሮ እስኪከፈት ድረስ አጭር ዝምታ አለ። «ቱ» ላይ ግን ያ ቦታ በትንፋሽ ይሞላል። ጆሮዋ ሊይዝ የሚገባው ይህን ነው። ስለዚህ «መቱ፣ መጡ፣ መጡ፣ መቱ» እያልኩ የትኛው እንደሆነ ጠየቅኳት። መጀመሪያ በግምት ነበር የምትመልሰው፣ በኋላ ግን መልስ ከመስጠቷ በፊት ዝም ብላ ማዳመጥ ጀመረች።

አማርኛ የሚማር ሙሽራ፣ አማች ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ስትስቁ በልክ ይሁን። «ጠንከር» የሚለውን ተዉና «ትንፋሽ ያዝ» በሉት።