አንድ ጥያቄ፣ ሦስት መልስ፦ በዘፈቀደ የተመረጠ አውታር

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዦዜፍ በርትራንድ ስለ ዕድል ስሌት በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1889 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ቀላል የምትመስል ጥያቄ አቀረበ። በአንድ ክብ ውስጥ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፎቹ የክቡን ዙሪያ እየነኩ ይሣላል። ከዚያም በዙሪያው ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኝ ቀጥተኛ መስመር፣ ማለትም አውታር፣ በዘፈቀደ ይመረጣል። አውታሩ ከሦስት ማዕዘኑ ጎን የመርዘም ዕድሉ ስንት ነው?

አንደኛው መንገድ የአውታሩን ሁለት ጫፎች በዙሪያው ላይ በዘፈቀደ መምረጥ ነው። ክቡን ማዞር ውጤቱን ስለማይለውጥ፣ የመጀመሪያው ጫፍ ከሦስት ማዕዘኑ አንድ ጫፍ ላይ እንዳረፈ ይቆጠራል። ሦስት ማዕዘኑ ዙሪያውን በሦስት እኩል ቅስቶች ይከፍለዋል፤ አውታሩ የሚረዝመው ሁለተኛው ጫፍ ፊት ለፊት ባለው ቅስት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። መልሱ 1/3 ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በአንድ ሬዲየስ ላይ ነጥብ መርጦ፣ ሬዲየሱን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ አውታር በዚያ ማሳለፍ ነው። የሦስት ማዕዘኑ ጎን ከማዕከሉ በሬዲየሱ ግማሽ ስለሚርቅ፣ መልሱ 1/2 ነው። ሦስተኛው ደግሞ የአውታሩን መካከለኛ ነጥብ ከክቡ ስፋት ውስጥ ይመርጣል። ነጥቡ ሬዲየሱ በግማሽ ያነሰ የውስጥ ክብ ውስጥ መውደቅ አለበት፤ የዚያ ክብ ስፋት የትልቁ ሩብ ነውና መልሱ 1/4 ይሆናል።

ከሦስቱ ስሌቶች አንዱም ስሕተት የለበትም። «በዘፈቀደ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን በእኩል ዕድል እንደሚመረጥ አይናገርም፤ ጫፍ፣ ርቀት ወይስ ስፋት? ልዩነቱ በሙከራም ይታያል። በእያንዳንዱ መንገድ 1200 አውታሮች ቢሣሉና መካከለኛ ነጥቦቻቸው ቢቆጠሩ፣ በውስጠኛው ክብ ውስጥ እንደ ቅደም ተከተላቸው ወደ 400፣ 600 እና 300 የሚጠጉ ይገኛሉ።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዊን ጄይንስ በ1973 ጥያቄውን ከአንድ ድርጊት ጋር አያያዘው፤ ረጃጅም የሣር አገዳዎች ከሩቅ ወደ ክቡ ይወረወራሉ። ወርዋሪው አነጣጥሮ መጣል ካልቻለ፣ ክቡ በጥቂቱ ቢገፋ ወይም መጠኑ ቢለወጥ የአውታሮቹ ሥርጭት ሊለወጥ አይገባም። ከሦስቱ መንገዶች ይህን የሚያሟላው ሁለተኛው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሌሎቹን መልሶች አይሽርም። በክቡ ማዕከል ላይ የተተከለ ቀስት ሁለት ጊዜ ተሽከርክሮ በቆመባቸው ሁለት ነጥቦች መካከል አውታር ቢሣል፣ ትክክለኛው መልስ 1/3 ነው። የጄይንስ መከራከሪያ የሚጸናው አውታሩ በውርወራ ሲገኝ ነው። እንግዲህ ክፍልፋዩ ከመሰላቱ በፊት አውታሩ እንዴት እንደተገኘ መገለጽ አለበት፤ የጥያቄው ግማሽ ያለው በዚያ ነውና።