«ወርዷል» ብዬ የተደሰትኩበት ቀን

እማዬ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ይሄ ጨጓራዬ ተነሳብኝ መሰለኝ» አለች። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራ፣ ትሮፖኒን በየቀኑ በእጄ የሚያልፍ ሰው፣ «መድኃኒትሽን ውሰጂና ተኚ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ሕመሙ ሌሊቱን ይዟት አድሮ ጠዋት ለቀቃት። ሰኞ ግን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ እያጠረ ሁለቴ ቁጭ እንዳለች የነገረችኝ የቤት ሠራተኛዋ ናት። ማክሰኞ ጠዋት ይዣት ሄድኩ።

3 ሰዓት ላይ የተቀዳው ደም 310 ወጣ። እኛ በምንጠቀምበት የትሮፖኒን አይ ምርመራ ለሴት መደበኛው ጣሪያ 16 ናኖግራም በሊትር ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተደገመው ደግሞ 298 ሆነ። ወንድሜ «ተመስገን፣ ወርዷል!» አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ተረኛው ወጣት ሐኪም ግን አልተደሰተም። ከ310 ወደ 298 ማለት 4 በመቶ ገደማ ለውጥ ነው። አንዱን ደም ያው ማሽን ላይ ሁለቴ ብታስኬዱት እንኳ ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ለእሱ ይህ «ወረደ» ሳይሆን «አልተንቀሳቀሰም» ነበር። መጀመሪያም ከፍ ያለ ቁጥር ተንቀሳቅሷል ለማለት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ ይፈለጋል። ያልተንቀሳቀሰ ከፍተኛ ቁጥር ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች ደም ሲመጣልን ዛሬ 74፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ 77፣ በወሩም 72 እናያለን። ልባቸው ለዓመታት እየተጎዳ ነው እንጂ ዛሬ ማታ የተዘጋ የደም ሥር የለም። በአንጻሩ አንድ ሰው ሕመሙ በጀመረው በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥቶ 9 ወጥቶለት፣ ሲደገም 58 ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ከእጥበት ታካሚዎቹ ያነሰ ነው፤ የሚያስደነግጠው ግን እሱ ነው።

እማዬ ታዲያ የትኛው ውስጥ ትግባ? ሐኪሙ የኩላሊቷን ውጤት አየ፣ ደህና ነው። የድሮ ትሮፖኒን እንዳላት ጠየቀን፣ የላትም። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አለና «እማማ፣ ሕመሙ መቼ ነው የጀመረዎት? ትናንት አይበሉኝ፣ የመጀመሪያውን ይንገሩኝ» አላት። «ቅዳሜ፣ ዜና ሊጀምር ሲል» አለች። ያኔ እኔ ወለሉን አየሁ።

ቅዳሜ 2 ሰዓት ከሆነ፣ ማክሰኞ የቀዳነው ደም ሕመሙ ከጀመረ ከ60 ሰዓት በኋላ ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ጡንቻው ሲሞት ጥቂቱ ቶሎ ይፈስሳል፣ ከጡንቻው ክሮች ጋር የተጣበቀው አብዛኛው ደግሞ ቀስ እያለ ለቀናት ይወጣል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ይጀምራል፣ በአንድ ቀን አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ቁልቁለቱ ላይ የሦስት ሰዓት ርቀት ስትለኩ ሜዳ ይመስላችኋል። ዳገቱ ቤት ውስጥ፣ በጨጓራ መድኃኒት ታጅቦ አልፏል።

ሐኪሙ ወደ ቤት አልሸኛትም። ኢሲጂው ላይም ያልወደደው ነገር ነበረ፤ ሕክምናውን ጀመረላትና «ነገ በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ ማሽን እንድገመው» አለ። በዚሁ ማሽን ያለው በምክንያት ነው። የአንዱ ቤት ትሮፖኒን አይ ከሌላው ቤት ትሮፖኒን ቲ ጋር አይነጻጸርም። አንዳንድ ወረቀት ላይ እንዲያውም በሚሊሊትር ስለሚጻፍ የኛ 310 እዚያ 0.31 ሆኖ ይታያል፤ ይህን አይቶ «ዜሮ ነው» ብሎ የተጽናና ሰው አጋጥሞኛል።

ረቡዕ ጠዋት ናሙናውን ራሴ አስገባሁት። 181። ከ310 ሲሰላ 42 በመቶ ገደማ ወርዷል። ወንድሜ ደውሎ «ስንት ሆነ?» ሲለኝ «ወርዷል» አልኩት፣ በዚህኛው ግን ድምፄ ተቆረጠ። እንዲህ የሚወርድ ቁጥር ከሆነ ቦታ የመጣ ነው፤ ሥር የሰደደ ጉዳት እንዲህ አይወርድም። ከሕመሙና ከኢሲጂው ጋር ሲደመር የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጡንቻ ሞት፣ ሃርት አታክ፣ ቅዳሜ ማታ ደርሶባት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በልብ አልትራሳውንዱ የልቧ የታችኛው ግድግዳ አንድ ክፍል ከሌላው ይልቅ ደከም ብሎ ሲንቀሳቀስ አሳዩኝ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና «ታዲያ ጨጓራዬስ?» አለችኝ። «ጨጓራሽ ደህና ነው እማዬ» አልኳት። ስለ ስልኩ እስካሁን አላነሳችብኝም።